በእንባ የተጻፈ ቅሬታን ወደ አንድ ገጽ ሪፖርት መቀየር፦ ደረጃ በደረጃ

ሐዋሳ ውስጥ በተለይ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ባሉበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ፣ አንድ ቀን ማታ የጎረቤት ልጅ ወይም እህታችሁ አራት ገጽ የተጻፈበት ደብተር ይዛ «እስቲ ይሄን አስተካክልልኝ፣ ነገ ላስገባው ነው» ማለቷ አይቀርም። ወረቀቱን ስታነቡት አንጀት ይበላል። ግን እንዳለ ከገባ የሰው ኃይል ክፍሉ ሁለት መስመር አንብቦ ያስቀምጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም ማስተካከሉ ላይ ነው። አንዳንዱ ስድቡን ብቻ አጥፍቶ የቀረውን ይተወዋል። ሌላው «በትህትና እጠይቃለሁ» በሚል ቃል ሞልቶት ዋናው ነገር ይጠፋል።

ይህ መመሪያ ለአንድ ዓይነት ጉዳይ ነው፦ ታማ የቀረች ሠራተኛ ደመወዟ ሲቆረጥ ለድርጅቷ የምታስገባው ቅሬታ። ምሳሌውን ያዘጋጀሁት ለዚህ ጽሑፍ ነው፣ የማንም እውነተኛ ጉዳይ አይደለም።

## ረቂቁ

> «ከዚህ በላይ አልችልም። ሱፐርቫይዘሩ ከገባሁ ጀምሮ ጠምዶ ይዞኛል። እንደ ሰው አይቆጥሩንም እኮ። በሃያ ቀን ሆዴን አሞኝ ልሞት ስል ክሊኒክ ልሂድ ብለው ታርጌት ሳይሞላ ማንም አይወጣም አለኝ። ለአንዷ ግን ሁልጊዜ ይፈቅድላታል፣ ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ነው የነገርኩት። ከምሳ በኋላም ለመንኩት፣ አስመሳይ ነሽ ብሎ ሰው ፊት ሰደበኝ። አለቀስኩ። ከዛ አስመለሰኝ፣ ወደቅኩ፣ ልጆቹ ተሸክመው ወሰዱኝ። እናቴ ብታየኝ ምን ትል ነበር። ጤና ጣቢያ ሁለት ቀን እረፊ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱን ሰጥቻቸው እንዳልሰጠሁ ደመወዜን ቆረጡኝ። ቦነሱንም በሉኝ። አምና ለፋሲካ ፈቃድ ከልክለውኛል። የቤት ኪራይ ከየት አምጥቼ ልክፈል? ሌቦች ናቸው። ፍትህ እፈልጋለሁ።»

እዚህ ውስጥ ጠንካራ ጉዳይ አለ። ሥራችሁ እሱን ማውጣት ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ረቂቁን አትንኩት። ፎቶ አንሱትና ዋናውን አስቀምጡ። ሥራውን በሌላ ወረቀት ላይ ሥሩ። ረቂቁ ላይ መሰረዝ ከጀመራችሁ ልጅቷ የራሷ ሕመም ሲሰረዝ ታያለች፤ ከዚያ በኋላ የምትጠይቋትን በደንብ አትመልስላችሁም።

እነዚህን ሰብስቡ፦ የደመወዝ መክፈያ ወረቀቷን (ፔይስሊፕ)፣ የጤና ጣቢያውን ወረቀት ወይም ፎቶውን፣ የሥራ ውሏን ወይም የቅጥር ደብዳቤዋን፣ በዚያ ሰሞን የተላላከችውን የስልክ መልዕክት፣ እና የኢትዮጵያና የአውሮፓ ቀን ጎን ለጎን ያለበት ካላንደር። ካላንደሩን አትዝለሉት። ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ ታያላችሁ።

በዚያው ሌሊት አታስገቡ። አንድ ቀን ይደር። ግን ወር አይደር። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ፣ ክፍያው መጠየቅ ከሚገባው ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራ ተባርራ ወደ ሥራ ልመለስ የምትል ከሆነ ያላት 3 ወር ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «እስካሁን ሥራ ላይ ነሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተባርራ ከሆነ ይህ መመሪያ አይበቃችሁም፣ በቶሎ የሕግ ምክር ፈልጉላት።

## ደረጃ 1፦ ዓረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ስጧቸውና ለዩ

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ስጡት። ከዚያ በጎኑ ከአራቱ ምልክቶች አንዱን አድርጉ፦

- አ — አይታዋለች፣ ሰምታዋለች፣ አድርጋዋለች። («ክሊኒክ ልሂድ አልኩት»)
- ስ — ስሜት ነው። («እንደ ሰው አይቆጥሩንም»)
- ግ — ግምት ወይም ወሬ ነው። («ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል»)
- ሌ — ሌላ ጉዳይ ነው። («አምና ለፋሲካ ፈቃድ ከልክለውኛል»)

ሪፖርቱ የሚሠራው ከ«አ» ብቻ ነው። «ስ» የሚለውን ለማጥፋት ግን አትቸኩሉ። እያንዳንዱን ስሜት «ይሄን እንዲሰማሽ ያደረገው የትኛው ነገር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እንደ ሰው አይቆጥሩንም» ከሚለው ጀርባ ሁለት ጊዜ የተከለከለ ፈቃድ አለ። የሚጻፈው እሱ ነው። ከጀርባው ምንም ካልተገኘ ይወጣል።

ስድብን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ። «ሰደበኝ» ብሎ መጻፍ ደካማ ነው። የተባለውን ቃል እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፦ «አስመሳይ ነሽ»። ቃሉ ራሱ ይናገራል፣ «በሚያሳፍር ሁኔታ» ወይም «ያለ ርኅራኄ» የሚል ማጀቢያ አያስፈልገውም።

«ግ» የሆነውን ያለ ድርድር አውጡት። ስለ ሌላዋ ሠራተኛ የተጻፈችው አንዲት መስመር መላውን ሪፖርት ልታበላሽ ትችላለች። ማስረጃ የላትም፣ የሦስተኛ ሰው ስም ታጎድፋለች፣ አንባቢውም ሕመሙን ትቶ ስለ ሐሜቱ ያስባል። «ሌቦች ናቸው» የሚለውም እንደዚሁ። ቆራጩ ክፍል ከወረቀት መጥፋት የተነሳ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌባ የተባለ ሰው ደግሞ ስህተቱን ለማረም አይቸኩልም።

## ደረጃ 2፦ ክፍተቶቹን በጥያቄ ሙሉ

አሁን «አ» የተባሉት ላይ ተመለሱ። ለእያንዳንዱ፦ መቼ? የት? ማን ነበር? ምን አልሽ? ምን አለሽ?

«ለምን» የሚለውን ጥያቄ አሁን አትጠይቁ። «ለምን ቀድመሽ አልተናገርሽም?» ስትሏት እንደ ክስ ይሰማታል። ወይ ታለቅሳለች ወይ መከላከል ትጀምራለች።

ከመጨረሻው ወደ ኋላ መጠየቅ ይቀላል። «ደመወዝሽን መቼ ተቀበልሽ?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ያን ያህል አያምም፣ ወረቀትም አለው። ከዚያ ወረቀቱን ለሰው ኃይል ክፍሉ የሰጠችበት ቀን፣ ከዚያ ጤና ጣቢያው፣ በመጨረሻ ፋብሪካው ውስጥ የወደቀችበት ሰዓት። እዚያ ስትደርሱ ጥያቄና መልስ ለምዳለች።

ካለቀሰች፦ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ውሃ ስጧት። «ቆይ እንጨርሰው» አትበሉ። ስትረጋጋ ያቆማችሁበትን ጥያቄ ትታችሁ ቀለል ወዳለ ነገር ሂዱ፣ ለምሳሌ የላይን ቁጥሯን ወይም የተቀጠረችበትን ወር። ካልሆነ ለነገ አቆዩት።

ካላስታወሰች፦ አትገምቱላት። «ገደማ» የሚል ቃል አለላችሁ። «9፡10 ገደማ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም። በእርግጠኝነት «9፡10» ተብሎ የክሊኒኩ መዝገብ 9፡25 ቢል ግን ሌላውም ነገር ሁሉ ይጠረጠራል።

በአማርኛ ስትናገር የምትቸገር ከሆነ፣ ብዙ የፋብሪካ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ነውና፣ በራሷ ቋንቋ ታውራ። ቋንቋውን የሚችል የምታምነው ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ።

## ደረጃ 3፦ ቀንና ሰዓቱን አስታርቁ

ብዙ ጥሩ ቅሬታ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ልጅቷ «በሃያ ቀን» ብላለች። ፔይስሊፑ ላይ ደግሞ «20 እና 21 ኖቬምበር፣ መቅረት» ይላል። ሲታይ የገጠመ ይመስላል፤ ግን አልገጠመም። ኖቬምበር 20 ቀን 2024 በእኛ ኅዳር 11 ቀን 2017 ነው። እሷ ሃያ ያለችው ፔይስሊፑ ላይ ያየችውን ቁጥር ይዛ ነው። ፔይስሊፑ የሚያሳየው ግን የቀረችባቸውን ሁለት ቀናት ነው፤ የታመመችው በዋዜማው፣ ኅዳር 10 ነው። «ኅዳር 20» ብላችሁ ብትጽፉት ኖሮ የጤና ጣቢያው ወረቀት ኅዳር 11 ስለሚል፣ የሰው ኃይል ክፍሉ «ወረቀቱ የሌላ ቀን ነው» ብሎ ይመልሰው ነበር።

ሰዓቱም ያው ነው። «አስር ሰዓት ተኩል» ያለችው በጣት አሻራ ማሽኑ ላይ ወይም በግድግዳው ሰዓት 10:30 የሚለውን አይታ ነው። ያ በእኛ ከጠዋቱ 4፡30 ነው። ይህን የምታጣሩት «ከምሳ በፊት ነው በኋላ?» በሚል ጥያቄ ነው። እሷ ራሷ «ከምሳ በኋላም ለመንኩት» ስላለች፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ከምሳ በፊት መሆን አለበት። አስር ሰዓት ተኩል ከምሳ በፊት ሊመጣ አይችልም።

የሳምንቱን ቀን ጨምሩ። ማክሰኞ ኅዳር 10፣ ረቡዕ 11፣ ሐሙስ 12፣ ዓርብ 13። የቀን ስም ከቁጥሩ ጋር ካልገጠመ ስህተት እንዳለ ወዲያው ይታያችኋል። በሪፖርቱ ላይ ዋናውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት፤ ምክንያቱም ሥራ አስኪያጁ የውጭ ሰው ከሆነ ተርጓሚው እዚያ ላይ አይሳሳትም።

## ደረጃ 4፦ የምትጠይቀውን ነገር ለዩ

«ፍትህ እፈልጋለሁ» ማንም ሊፈጽመው የሚችል ጥያቄ አይደለም። «ነገ ጠርተው እሺ ምን እናድርግልሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ ብሬን ይመልሱልኝ፣ ሰውዬው ይጠየቅልኝ።

ገንዘቡን ከፔይስሊፑ ላይ አውጡ። በምሳሌያችን የወር ደመወዟ 2,400 ብር ነው፤ ለሁለት ቀን የተቆረጠው 160 ብር ነው። ሳይቀሩ ለሠሩ የሚሰጠው የአቴንዳንስ ቦነስ 300 ብርም ቀርቷል። ሁለቱን በአንድ ላይ «460 ብሬን» ብላችሁ አትጻፉ፤ መሠረታቸው የተለያየ ነው።

የ160 ብሩ መሠረት ሕግ ነው። በአዋጁ አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሕመም ስትቀር፣ የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ስለዚህ የተቀጠረችበት ወር ሪፖርቱ ላይ መኖር አለበት። ቦነሱ ግን የሚሰጠውም የሚከለከለውም በድርጅቱ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ነው። ደንቡን ሳታዩ «ሕጉ ይሰጠኛል» ካላችሁ፣ በደካማው ጥያቄ ምክንያት ጠንካራውም ይናቃል። ቦነሱን «በየትኛው ደንብ እንደቀረ ይገለጽልኝ» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን የሱፐርቫይዘሩን ነገር እዩ። አዋጁ የታመመ ሠራተኛ በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት ይላል፤ አሠሪው ሁኔታውን ሊያውቅ ይችል ከነበረ፣ ወይም ሠራተኛው ማሳወቅ የማይችል ከነበረ ግን ይህ አይጠበቅበትም። ልጅቷ ማግስቱን አልደወለችም። ታዲያ ድርጅቱ አላወቀም ሊባል ይችላል? ሁለት ጊዜ ለሱፐርቫይዘሩ ነግራለች። ላይኑ ላይ ወድቃለች። የፋብሪካው ክሊኒክ አይቷታል። በረቂቁ ላይ በጣም ያስለቀሳት ክፍል ድርጅቱ ሕመሟን ያውቅ እንደነበር የሚያሳየው ዋና ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። «ስሜት ነው» ብሎ ያንን ክፍል የሚያወጣ ሰው ጉዳዩን ያዳክመዋል።

## ደረጃ 5፦ ጻፉት

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማን እንደሆነች በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሆነውን በጊዜ ቅደም ተከተል፣ የደረሰውን ጉዳት በቁጥር፣ ጥያቄውን በተራ ቁጥር፣ የተያያዙትን ማስረጃዎች። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ድርጊት። ኃላፊዎችን «አንቱ» በሉ፤ ረቂቁ ላይ «አለኝ» የነበረው «አሉኝ» ይሁን። ይህ ብቻውን የወረቀቱን ድምፅ ያረጋጋዋል።

> ቀን፦ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ በሕመም ፈቃድ ላይ ለነበርኩባቸው 2 ቀናት የተቆረጠ ደመወዝ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
>
> ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በስፌት ክፍል፣ ላይን 7፣ በኦፕሬተርነት እሠራለሁ።
>
> ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. (ኖቬምበር 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.) ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ ሆዴን ስላመመኝ፣ ክሊኒክ ለመሄድ የላይኑን ሱፐርቫይዘር ፈቃድ ጠየቅኩ። «ታርጌት ሳይሞላ ማንም አይወጣም» ብለው አልፈቀዱልኝም። ከምሳ በኋላ 7፡15 ገደማ ደግሜ ጠየቅኩ። በሥራ ባልደረቦቼ ፊት «አስመሳይ ነሽ» አሉኝ። 9፡10 ገደማ አስመለሰኝና ወደቅኩ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ወሰዱኝ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ተላክሁ።
>
> ጤና ጣቢያው ለኅዳር 11 እና 12 የሕመም ፈቃድ ሰጥቶኛል። ወረቀቱን ዓርብ ኅዳር 13 ጠዋት ለክፍላችሁ አስረክቤያለሁ።
>
> ኅዳር 21 በተከፈለኝ ደመወዝ ላይ ሁለቱ ቀናት እንደ መቅረት ተቆጥረው 160 ብር ተቆርጦብኛል። የአቴንዳንስ ቦነስ 300 ብርም አልተከፈለኝም።
>
> ስለዚህ፦
> 1. በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት 160 ብሩ እንዲመለስልኝ፤
> 2. ቦነሱ በየትኛው ደንብ እንደቀረ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ ደንቡ የማይከለክል ከሆነም እንዲከፈለኝ፤
> 3. ኅዳር 10 ቀን ፈቃድ የተከለከልኩበትና የተሰደብኩበት ሁኔታ እንዲጣራልኝ እጠይቃለሁ።
>
> አባሪ፦ የጤና ጣቢያ ወረቀት ቅጂ፣ የኅዳር ፔይስሊፕ ቅጂ
>
> ስምና ፊርማ

የቤት ኪራዩ፣ እናቷ፣ የአምናው ፋሲካ የሉም። የፋሲካው ነገር እውነት ከሆነና ልትገፋበት ከፈለገች ለብቻው ይጻፍ። ሁለት ጉዳይ በአንድ ወረቀት ሲገባ መልስ የሚያገኘው የቀለለው ነው።

## ደረጃ 6፦ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡላት

ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ «እንዲህ ነው የሆነው?» በሉ። ከ«አዎ» ይልቅ ዝም ካለች ያቺን ቦታ ፈትሹ። ሳትረዳው የምትፈርመው ወረቀት ነገ ስትጠየቅ ያጋልጣታል።

«ይሄማ ቀዘቀዘ፣ የተሰማኝ የለበትም» ካለች፦ አትከራከሩ። ረቂቁን አውጡና በጣም የሚያንገበግባትን አንድ መስመር እንድትመርጥ ጠይቁ። ከጀርባው ድርጊት ካለ አስገቡት። ከሌለ ረቂቁ እሷ ጋ እንደሚቀር ንገሯት፤ ለምታምነው ሰው ልታነበው ትችላለች።

ምስክሮቹ ከፈሩ፦ ስማቸውን አትጻፉ። «ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ» ይበቃል። ስማቸውን ያለ ፈቃዳቸው ማስገባት ለእነሱም ለእሷም አይበጅም።

ስትጠይቋት ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ድብደባ ከወጣ፦ እዚህ አቁሙ። እሱን በደመወዝ ቅሬታ መሐል አትክተቱት። የራሱ መንገድ አለው፤ የሚያየውም ሰው የተለየ መሆን አለበት። በተለይ አድራጊው ወረቀቱ የሚያልፍበት ሰው ከሆነ፣ ሳትማከሩ ምንም አታስገቡ።

## ደረጃ 7፦ አስገቡት

ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱን ትስጥ፤ ሌላኛው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ታስጽፍ። መዝገብ ቤት ካለ ቁጥር ይሰጠው። የጤና ጣቢያውን ዋና ወረቀት ዳግም አትስጥ፣ ቅጂውን ብቻ።

የሕመም ወረቀቱ ጠፋ ካሏት፦ በካርድ ቁጥሯ ጤና ጣቢያው ሄዳ ማረጋገጫ ትጠይቅ። ወረቀት ከማስረከቧ በፊት ፎቶ ብታነሳ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ለሚቀጥለው ንገሯት።

አንቀበልም ካሉ፦ እዚያው አትጨቃጨቅ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገራትን ሰው የሥራ ድርሻ በቅጂዋ ጀርባ ትጻፍ። ከዚያ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ትላከው፣ ደረሰኙንም ትያዝ። ፋብሪካው ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ካለ በማኅበሩ በኩልም ማስገባት ትችላለች።

መልስ ከጠፋ፦ ሁለት ሳምንት ጠብቃ ያንኑ ወረቀት፣ ምንም ሳትጨምርበት፣ «ኅዳር 24 ላስገባሁት መልስ አልተሰጠኝም» ከሚል አንድ መስመር ጋር ዳግም ታስገባ። ከዚያም ዝም ካሉ፣ ቅጂዎቹን ይዛ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት ቢሮ ትሂድ። የ6 ወሩ ጊዜ ከኅዳር 21 ሲቆጠር ግንቦት 20 ገደማ ላይ ያበቃል፤ ድርጅቱ «እያየነው ነው» ቢላትም ሚያዝያ ሳያልቅ ቢሮው ትገኝ።